«የልጅቷ ብር እኔ ጋ ነው»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴን የምታስታምም ልጅ ከመስከረም 2015 ጀምሮ አብራን ናት። እናቴ በሐምሌ መጀመሪያ አረፈች፣ አርባዋም ወጣ። ልጅቷ አሁን አሁን ረፍዶባት ትነሣለች፣ ስልክ ላይ ትውላለች፣ ካልነገርኳት ቡና እንኳ አታፈላም። ስናገራት ታለቅሳለች። በደመወዝ አልበደልኳትም፤ በ2 ሺህ ጀምራ በ2016 ዓ.ም. 3 ሺህ፣ ዘንድሮ 4 ሺህ አድርሻታለሁ። ልብሷን እችላለሁ። በየወሩ ለእናቷ አንድ ሺህ በቴሌብር እልክላታለሁ፣ ለወንድሟ ሠርግም 20 ሺህ ሰጥቻታለሁ። የቀረው እኔ ጋ ተቀምጦላታል፤ አልጻፍነውም እንጂ ከ20 ሺህ አይበልጥም። ሥራዋን አልክድም፣ እናቴ ሦስት ዓመት ተኝታ አንድም ቁስል አልወጣባትም። ጠበቃ ጎረቤቴ «ለቤት ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የለም» አለኝ። ነሐሴ ሲያልቅ ላሰናብታት ነው። ምን ብዬ ልንገራት? ስንት ልስጣት? አጭር ደብዳቤ ጻፉልኝ።

የታከተኝ፣ ከየካ አባዶ

እህቴ፣ ቡናውን እንተወው። «ተቀምጦላታል» ያልሽው ብር ዕዳሽ ነው። ካንቺው ቁጥር ተነሥቼ ደመርኩት፦ የመጀመሪያው ዓመት 24 ሺህ፣ ሁለተኛው 36 ሺህ፣ ሦስተኛው ነሐሴን ጨምሮ 48 ሺህ፣ በጠቅላላው 108 ሺህ። ለእናቷ የላክሽው 36 ሺህና የሠርጉ 20 ሺህ ሲነሣ 52 ሺህ ይቀራል። ክፋት አለብሽ አልልም፤ የሰው ብር ከአስቤዛ ብር ጋር ሲቀላቀል ያንሳል። ግን የሠርጉን ያኔ «ስጦታዬ ነው» ብለሽ ከሰጠሻት አሁን መቀነስ አትችዪም፤ ዕዳው 72 ሺህ ይሆናል። ልብስም አይቀነስም።

የቴሌብር ዝርዝርሽን አውጥተሽ አብረሻት ተቀመጪ፤ መጀመሪያ እሷ የምታስታውሰውን ትናገር። ባልተጻፈው ካልተስማማችሁ የሷን ተቀበዪ፤ መመዝገብ የነበረበት ብሩን የያዘው ሰው ነው።

ጎረቤትሽ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል አገልግሎት የሚቀጠር የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን የስንብት ክፍያ አይደለም፣ በውል የመጣ ዕዳ ነው። ከዕዳው በላይ ላለው እኔ አዋጁን እንደ መለኪያ እጠቀምበታለሁ። አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ ይሰጣል። በ4 ሺህ ሲሰላ 6,667 ብር ገደማ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለሠራም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይላል፤ አንቺ ግን በድንገት ልታሰናብቻት ስለሆነ 8 ሺህ ጨምሪላት። (በ2015 ስድስት፣ በ2016 አምስት የጳጉሜን ቀን እናትሽን ማን አገላበጣት? እኔ ብሆን ያንንም አስብላት ነበር።)

ደብዳቤው ይኸው፤ ቁጥሩን ከተማመናችሁ በኋላ አስተካክይው፦

«ለወ/ሪት ________
ከመስከረም 2015 እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. እናቴን አስታመሻል። እናቴ ስላረፈች ሥራው ነሐሴ 30 ያበቃል፤ የምትሰናበቺው በጥፋት አይደለም። እኔ ዘንድ የነበረ ደመወዝሽ ነሐሴን ጨምሮ 52,000፣ በማስጠንቀቂያ ምትክ 8,000፣ ለአገልግሎትሽ 6,667፣ ድምር 66,667 ብር በስምሽ ወዳለው የባንክ ሒሳብ ገብቷል። እናቴ ሦስት ዓመት ተኝታ አንድም የአልጋ ቁስል አልወጣባትም፤ ይህ ያንቺ ሥራ ነው። ስለ ሥራሽ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እናገራለሁ። አመሰግንሻለሁ።»

የቁስሉን ነገር ያስገባሁት አለምክንያት አይደለም። ራሱን ማዞር የማይችል ሕመምተኛ ቁስል የማይወጣበት ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ የሚያገላብጠው ሰው ሲኖር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፏ ሲቆራረጥ የኖረ ልጅ አሁን ብታረፍድ ምኑ ይገርማል? ለቅሶዋንስ በሐዘን ቤቱ ማን «አይዞሽ» አላት?

ደብዳቤውን በጠዋት፣ የምታምነው ሰው ባለበት አንብቢላት እንጂ በማታ አትንገሪያት። አንድ ቅጂም ስጫት። የባንክ ሒሳብ ከሌላት ከወር መጨረሻው በፊት አብረሻት ሄደሽ አስከፍቺላት። «ተቀብያለሁ» ብላ የምትፈርመው ብሩ ሒሳቧ ውስጥ መግባቱን ካየች በኋላ ነው፤ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር እንዳትጨምሪ። መታወቂያዋ አንቺ ጋ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ መልሺላት።