«አልላክህልኝም» ወይስ «አልደረሰኝም»?

ጥያቄ፦ ለሥራ ባልደረባዬ የወጪ ዝርዝር እንዲልክልኝ ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት፤ ዘግቶኛል። መጀመሪያ «እባክህ ዝርዝሩን ላክልኝ» አልኩት። ቀጥሎ «እስካሁን አልላክህልኝም እኮ» አልኩት። በመጨረሻ «ዝርዝሩን በአስቸኳይ እንዲልኩልኝ በጥብቅ አሳስባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጨዋነቴን ሳልለቅ ቃሌን እንዴት ላጠንክር?

መልስ፦ ነገሩ የተበላሸው ሁለተኛው መልእክት ላይ ነው። የ«አልላክህልኝም» ባለቤት «አንተ» ነው፤ ጥፋቱ በአንድ ግስ ሰውየው ላይ ወደቀ። «እኮ» ስትጨመርበት ደግሞ ወቀሳ ሆነ። «ዝርዝሩ እስካሁን አልደረሰኝም» ቢሉት ባለቤቱ ዝርዝሩ ይሆናል። እውነቱ ያው ነው። ሰውየው ግን ሳያፍር መልስ የሚሰጥበት ቀዳዳ ያገኛል።

ሦስተኛው ላይ ሁለት ነገር አብሮ ተቀይሯል። «አንተ» ይሉት የነበረውን ሰው በድንገት አንቱ አሉት። አንቱታ ምን ጊዜም አክብሮት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ትናንት አንተ የተባለ ሰው ዛሬ አንቱ ሲባል የሚሰማው ኩርፊያ ነው። በነገራችን ላይ «እርስዎ» የመጣው ከግእዙ «ርእስ» ነው። «ርእሱ» ማለት ራሱ ማለት ነው፤ እሱ «እርሱ» ሆነ፣ «እርሱ» ደግሞ በአፋችን «እሱ» ሆነ። ሰውን በራሱ፣ በጭንቅላቱ መጥራታችን ነው። ይህ ለመልእክትዎ አይፈይድም፤ ሳልናገረው ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

ሌላው «አሳስባለሁ» ነው። ሥሩ ግእዙ «ሐሰበ» ነው፤ ማሰብም መቁጠርም ይሆናል። «ሒሳብ»ም የዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ «አሳስባለሁ» የሚል ሰው «ልብ አድርገህ ቁጠረው» እያለ ነው። ይህ የአለቃ ቃል ነው፤ ቦታውም ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ ነው። ለእኩያ «ላስታውስህ» ይበቃል። እርግጥ ዛሬ በየስብሰባው «ላሳስብ እወዳለሁ» የማይል የለም፤ ማስታወስ ማለታቸውም እንደሆነ ይገባኛል። ጆሮዬን ይቆረቁረዋል፤ ቃሉ ግን እኔን ሳይጠብቅ ሄዷል። «በጥብቅ»ን ግን አልቀበልም። አንድ ቀን ቆርጦ መጻፍ ከአሥር «በጥብቅ» ይበልጣል።

እንግዲህ ሪፖርቱ ዓርብ የሚገባ ይሁን። የመጀመሪያውን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ሰላም። የወጪ ዝርዝሩን እስከ ማክሰኞ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ሪፖርቱን ዓርብ ነው የማስገባው።»

«ብ» ምርጫውን ለሰውየው ትተዋለች። «እባክህ ላክልኝ» ግን «እባክህ» ቢቀድመውም ያው ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በንግግር ድምፅ ያለሰልሰዋል፤ በጽሑፍ ድምፅ የለም። «ተወኝ እባክህ» ሲባል የምንሰማውን ምሬት ያስታውሱ። «ብትልክልኝ» ልመና ይመስላል የሚል ይኖራል። ለመጀመሪያው መልእክት ቢመስል ምን ይጎዳል?

ረቡዕ ጠዋት፦

«ዝርዝሩ እስካሁን አልደረሰኝም። ልከኸው አምልጦኝ ይሆን? ካልሆነ እስከ ነገ 6 ሰዓት እፈልገዋለሁ።»

እዚህ «ብ» ወጣች፤ «እፈልገዋለሁ» ገባ። የግሱ ባለቤት አሁን «እኔ» ነው። ጥንካሬው ያለው እዚህ ነው፤ ሰውየውን ሳይነኩ ፍላጎትዎን በቁርጥ ተናገሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ» ይላል፤ ጨዋ ስለሚመስል። ግሱ ተገብሮ ሲሆን ግን ላኪው ይጠፋል። ላኪ የሌለውን ጥያቄ ደግሞ ማንም የራሴ ነው አይልም።

ሐሙስ ከሰዓት፦

«ዝርዝሩ ዛሬም አልደረሰኝም። ሪፖርቱ ነገ 4 ሰዓት ላይ ይገባል። እስከ 3 ሰዓት ካልደረሰኝ ያለ እናንተ ክፍል ወጪ አስገባዋለሁ፤ የጎደለበትንም ምክንያት እዚያው እጽፋለሁ። ለኃላፊያችንም ግልባጭ አድርጌያለሁ።»

«እባክህ» የለም፣ «በአስቸኳይ» የለም፣ ስድብም የለም። ሰውየው አሁንም «አንተ» ነው፤ «እናንተ» የተባለው ክፍሉ ነው። ክብደቱን የተሸከመችው «ካል» ናት፤ ከኋላዋ የሚመጣው ግስ ግን በእርግጥ የሚያደርጉት ነገር መሆን አለበት። ዓርብ 3 ሰዓት አልፎ ያለ ዝርዝሩ ካላስገቡ ቀጣዩን «ካል» የሚያምንዎት የለም። ግልባጩን ደግሞ በግልጽ ይንገሩት። «ግልባጭ» ከ«ገለበጠ» የወጣ ነው፤ ሰውየው ከሌላ ሰው ከሰማው ግን የሚገለበጠው ሌላ ነገር ነው።