ቢዝነስ ካርዴ ለምን አይነበብም? ጥያቄና መልስ

የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ፣ ሜክሲኮ፦ «1000 ካርድ አሳትሜያለሁ። ያልተጻፈበት ነገር የለም። ግን የሰጠሁት ሰው ሁሉ እዚያው ፊቴ ቆሞ ‹ስልክዎ የትኛው ነው?› ይለኛል። ምን ጎደለው?»

ጋሼ፣ የላኩትን ፎቶ አየሁት። በዝቶ ነው እንጂ የጎደለው ነገርስ የለም። ፊት ለፊቱ ላይ ብቻ 14 መስመር ቆጠርኩ። የድርጅቱ ስም በሁለት ቋንቋ፣ የእርስዎ ስም፣ አራት ስልክ፣ ፋክስ፣ ፖስታ ሳጥን፣ ሁለት ኢሜይል፣ ሁለት የባንክ ሒሳብ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማና ወረዳ።

እስቲ በሚሊሜትር እንየው። ካርዱ 85 በ55 ነው። መቁረጫው ትንሽ ስለሚንሸራተት ከየጠርዙ 5 ሚሊሜትር እንተዋለን፣ ለጽሑፍ የሚቀረው ቁመት 45 ይሆናል። ይህን ለ14 ሲያካፍሉት ለአንድ መስመር 3 ሚሊሜትር ከምናምን ይደርሰዋል፣ ያውም ሎጎውን ሳንቆጥር። በመስመሮቹ መሃል ክፍተት ሲገባ ፊደሉ 6 ወይም ቢበዛ 7 ፖይንት ነው። እንግሊዝኛ በ7 ይነበባል። አማርኛ ግን ‹ሉ›ን ከ‹ሊ› የሚለየው ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ቅጥያ ናት፣ የአንዱ መሃል ላይ የሌላው ታች። በዚያ መጠን ሁለቱም ጭረት ይሆናሉ። እኔ ለአማርኛ ከ8 ፖይንት በታች አልወርድም። ስልክ ቁጥሩ 10 ቢሆን ይሻላል።

ምን ይውጣ? ፋክሱ ይውጣ፣ ማንም አይልክልዎትም። የባንክ ሒሳቡም ይውጣ፣ ገዢው ዋጋ ሲስማማ በቴሌግራም ይላኩለት። ከአራቱ ስልክ እርስዎ ራስዎ የሚያነሱት አንዱ ይቆይ፣ ግድ ከሆነ አንድ 09 እና አንድ 07። ኢሜይል አንድ ይበቃል። ወረዳና የቤት ቁጥር ይዞ ሱቅ ያገኘ ሰው አላውቅም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚፈልገው የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና ከምን ፊት ለፊት እንደሆነ ነው። እሱ ወደ ጀርባው ይሂድ፣ ከሚሸጡት ዕቃ ጋር። ዕቃውንም 11 ዓይነት አይዘርዝሩ፣ «የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ብሬከርና መብራት» ካሉ ደንበኛው ሌላውን ራሱ ይጠይቃል። ፊት ለፊቱ ላይ የድርጅቱ ስም፣ የእርስዎ ስም፣ ስልክና ኢሜይል ይቀራሉ። አምስት ስድስት መስመር ነው።

አስጎብኚ፣ ፒያሳ፦ «ማተሚያ ቤቱ 300 ግራም ነው ብሎኝ እንደ ትኬት የሚተጣጠፍ ካርድ ሰጠኝ። ተሸውጄ ነው?»

ሊሆን ይችላል፣ ግን ወዲያው አትጣላ። ግራም የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው፣ ውፍረት አይደለም። የሚያብረቀርቀው አርት ፔፐር በፋብሪካ ስለተጠቀጠቀ፣ በተመሳሳይ 300 ግራም ካልተቀባው ወረቀት ቀጠን ብሎ ይለሰልሳል። ስለዚህ እውነት 300 ሆኖም እጅህ ላይ ልል ሊመስል ይችላል።

መሸወድህን ማወቅ ከፈለግክ መዝነው። ፒያሳ ነኝ ካልክ ወርቅ ቤት ሚዛን አታጣም። ባለ 85 በ55 ካርድ 100 ፍሬ፣ ወረቀቱ 300 ግራም ከሆነ 140 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 250 ከሆነ 117 አካባቢ።

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላሚኔሽኑም ይመዝናል። 25 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ፊልም በሁለቱም ገጽ ሲለጠፍ በ100 ካርድ ላይ ወደ 20 ግራም ይጨምራል፣ ስለዚህ ባለ 250 ላሚኔት የተደረገ ካርድ ሚዛን ላይ ልክ እንደ ባለ 300 ባዶ ካርድ ሆኖ ቁጭ ይላል! ላሚኔት የተደረገ ከሆነ ከ160 በታች ሲመጣ ነው መጠርጠር ያለብህ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይታተም በፊት ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ስጡኝ ብለህ ይዘህ መሄድ ነው።

ሌላ አንባቢ፣ እዚሁ ላይ፦ «ምን ይህን ሁሉ ያስለፋል? 400 ግራም በሉና ተገላገሉ። ወፍራም ሁሌም ይሻላል።»

ግማሹ ልክ ነው። ለካርድ ከ300 በታች ባይወረድ ጥሩ ነው። ወፍራም ሁሌ ይሻላል የሚለው ግን አያስኬድም። ብዙዎቹ ዲጂታል ማሽኖች ከ300 ወይም 350 በላይ ወረቀት አያሳልፉም፣ ስለዚህ 100 ካርድ ብቻ የሚፈልግ ሰው 400 ሲል ወይ አይሆንም ይባላል ወይ የማያውቀው ነገር ይሰጠዋል። ደግሞ የተጨናነቀ ዲዛይን 400 ግራም ላይ ቢታተምም ያው የተጨናነቀ ነው።

ነርስ፣ ስታዲየም አካባቢ፦ «ካርዴ ግሎሲ ላሚኔሽን ፊቱ ላይ ብቻ ነው፣ ጀርባውን ቀጠሮ እንድጽፍበት ትቼው። በክረምት ሁሉም ተጠቀለሉብኝ። የወረቀቱ ጥፋት ነው?»

የወረቀቱ አይደለም እህቴ፣ አንድ ገጽ ብቻ መለጠፉ ነው። ፊልሙ እርጥበት አይጠጣም። ያልተለጠፈው ጀርባ ግን የሐምሌን አየር ይጠጣና ይለጠጣል፣ ፊልሙ ደግሞ አብሮት አይለጠጥም። ስለዚህ ካርዱ ወደ ፊልሙ በኩል ይጎብጣል። ከመጽሐፍ ሥር ብታደርጊያቸው ለጊዜው ይቃናሉ፣ ስታወጪያቸው ግን ይመለሳሉ።

ሁለት መንገድ አለሽ። ሁለቱንም ገጽ ማስለጠፍ አንዱ ነው፤ አይጎብጥም፣ ግን እስክሪብቶ ይንሸራተትበታል። ሁለተኛው ጨርሶ ላሚኔሽን መተውና ያልተቀባ 300 ወይም 350 ግራም ወረቀት መውሰድ ነው። የእጅ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል፣ ጥግ ጥጉም ይላላል፣ ግን ይጻፍበታል። ቀጠሮ ለሚጻፍበት ካርድ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አይስማማም፤ ማት ላሚኔሽን በሁለቱም ገጽ አድርገሽ በማርከር ጻፊ ይላል። ከእሱ ጋር እስካሁን አልተስማማንም፣ ሁለቱንም በናሙና ሞክሪና ፍረጂ።

ዲጄ፣ ካዛንቺስ፦ «ጥቁር ማት ካርድ ላይ ስሜንና ስልኬን በስፖት ዩቪ አሳመርኩት። ፊደሉ ግን ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ዓይኔ ነው?»

ዓይንህ ደህና ነው። መጀመሪያ ካርዱ ከነፊደሉ ይታተማል፣ ቀጥሎ ማት ፊልሙ ይለጠፋል፣ ከዚያ ስፖት ዩቪ የሚባለው የሚያበራ ቫርኒሽ በሌላ ማሽን በዚያው ፊደል ላይ ይደረባል። በዚህ መሃል ወረቀቱ በሙቀት ይሳባል፣ ሲገባም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ግማሽ ሚሊሜትር ከሸሸ ትልቅ ሎጎ ላይ አይታወቅም። በ8 ፖይንት ስልክ ቁጥር ላይ ግን ከፊደሉ እግር ውፍረት ይበልጣል፣ ስለዚህ እንደ ጥላ ሆኖ ጎን ይቀመጣል። ካርዱን ዘንበል አድርገህ መብራት ላይ ብታየው ጥላው ሁሉም ፊደል ላይ በአንድ አቅጣጫ ነው፣ በዚህ ትለየዋለህ።

ዩቪውን ከጽሑፉ ላይ አንሳና ለሎጎው ብቻ ተወው። ወይም ከሥሩ ምንም ሳይታተም በጥቁሩ ላይ ትልቅ ቅርጽ ብቻ በዩቪ ይሁን፣ የሚገጥምለት ነገር ስለሌለ ቢሸሽም አይታወቅም። ግሎሲ ላሚኔሽን ላይ ግን ዩቪ አታስደርግ። የሚያብረቀርቅ በሚያብረቀርቅ ላይ አይታይም፣ ገንዘብህን ነው የምታፈሰው።

ፎይልም የራሱ ጣጣ አለው። ወርቃማው ፎይል ተሞቆ ሲጫን ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል፣ የ‹መ›፣ የ‹ቀ›፣ የ‹ወ› ቀዳዳ ይደፈናል። ስምህን በፎይል ከፈለግክ ፊደሉ ከ12 ፖይንት በላይ፣ ወፈር ያለና ክፍት ይሁን።

ጥቁር ካርድ ደግሞ ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ያሳያል፣ ማቱም ጥፍር ሲነካው ይሰመርበታል። እያወቅክ ከመረጥከው ችግር የለውም።

አንድ አስመጪ፦ «እኔ ይህን ሁሉ ጣጣ ገላግዬዋለሁ። ስሜ፣ አራት ስልኬ፣ አድራሻዬ፣ የባንክ ቁጥሬ፣ ሁሉም ኪውአር ኮድ ውስጥ ነው። አንዳንድ ስልክ ግን አያነበውም።»

ጭንቅንቁን አዛወሩት እንጂ አልቀነሱትም። ኪውአር ውስጥ ጽሑፍ በተጨመረ ቁጥር ነጥቦቹ ይበዛሉ። እርስዎ ያን ሁሉ አስገብተው ኮዱን በ12 ሚሊሜትር አሳተሙት፣ ነጥቦቹ አሸዋ ሆኑ። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያነበዋል፣ ርካሹ አያነበውም። አንድ አጭር ሊንክ ብቻ ያስገቡ፣ ኮዱ 20 ሚሊሜትር ይሁን፣ ዙሪያውን ነጭ ይተዉለት። ነጭ ላይ በጥቁር ይታተም። ላዩ ላይ ዩቪም ፎይልም እንዳይነካው፣ መብራት ሲያንጸባርቅበት ካሜራው ይታወራል።

ሙሽሪት፦ «ለ200 ሰው ጥሪ ካርድ እፈልጋለሁ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?»

እንኳን ደስ ያለሽ! የዛሬው ስለ ቢዝነስ ካርድ ነበር፣ ቀኑን ማተሚያ ቤትሽን ጠይቂ። ፎይል ካለው ግን ፎይሉን የሚጫነው ቅርጽ፣ ክሊሼው፣ ለብቻው ስለሚሠራ የዚያንም ቀን ደምሪ። ቀዳዳ ስለሚደፈን ያልኩትንም አንብቢው፣ የጥሪ ካርድ ላይ ይብሳል።

ፀሐፊ፣ አራት ኪሎ፦ «አለቃዬ ነገ ፋይሉን አጽድቂ ብለውኛል። ስክሪን ላይ ሁሉም ያምራል። በምን ልወቅ?»

ስክሪን ላይ አጉልተሽ ስለምታዪው ሁሉም ያምራል። በቢሮሽ ፕሪንተር በ100 ፐርሰንት አትሚው፣ «ፊት ቱ ፔጅ» የሚለውን አጥፊው። በመቀስ ቆርጠሽ ለማያውቅ ሰው ስጪና ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጊ። ከተንተባተበ ፊደሉ አንሷል። ከዚያ ሁለት ነገር እይ። የጀርባ ቀለም ካለ ከካርዱ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ተርፎ መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል። ትንንሹ ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ ከጥቁር ብቻ መሠራት አለበት። ከአራት ቀለም ከተቀላቀለ ቀለሞቹ ትንሽ ሲዛነፉ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ይህን ዲዛይነሩን ጠይቂው፣ ወዲያው ይገባዋል።

የሜክሲኮው ነጋዴ እንደገና፦ «ሁሉንም አወጣሁ። የሦስቱን ወኪልነት ሎጎ ግን ማውጣት አልችልም፣ ኩባንያዎቹ ይቆጡኛል።»

ይቆጡኛል ወይስ ውሉ ያስገድዳል? ውሉን አውጥተው ያንብቡት። ካስገደደ ሦስቱንም በጀርባው ታች በአንድ መስመር፣ በአንድ ቀለም ያሰልፏቸው፣ ከ6 ሚሊሜትር ቁመት ባያንሱ ይሻላል። አንዳንዱ ኩባንያ ሎጎው በአንድ ቀለም እንዳይታተም ይከለክላል፣ እሱን አስቀድመው ይጠይቁና ፋይሉን ይላኩልኝ፣ አየዋለሁ።