ደብተሩና ሌጀሩ አልገናኝ ሲሉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በቅርቡ በየቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ ለቁጥጥር ኮሚቴ ለተመረጣችሁት ነው። ዕድሜዬን የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ስመረምር ነው የኖርኩት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የአባሉን የቁጠባ ደብተር ከማኅበሩ ሌጀር ጋር ስለ ማመሳከር።

ብዙ ኮሚቴ የሚያየው የመጨረሻውን ቀሪ ሒሳብ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ፈርሞ ያልፋል። እሱ ግን አይበቃም። አንድ ወጪ ተመዝግቦ በሌላ ገቢ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስመር በመስመር ሂዱ፤ ደግሞም በሁለቱም አቅጣጫ። ከደብተሩ ተነስታችሁ ወደ ሌጀሩ ስትሄዱ፣ አባሉ ከፍሎ ያልተመዘገበለትን ታገኛላችሁ። ከሌጀሩ ወደ ደብተሩ ስትመለሱ ደግሞ፣ አባሉ ጨርሶ የማያውቀውን ወጪ ታገኛላችሁ። የተገናኘውን መስመር በሁለቱም በኩል በእርሳስ ራይት አድርጉበት። ራይት ሳይደረግበት የቀረው ነው የእናንተ ሥራ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት አባል በየወሩ 500 ብር ይቆጥባሉ። ሐምሌ 1 ቀን 2015 ላይ 8,000 ብር ነበራቸው። በደብተራቸው የዓመቱ 12 ክፍያ ሁሉ አለ። ታኅሣሥ ላይ ተጨማሪ 1,850 ብር አስገብተዋል። ምንም አላወጡም። ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ ደብተሩ 15,850 ብር ይላል። ሌጀሩ ግን 13,080 ብር ነው የሚለው። ልዩነቱ 2,770 ብር ነው።

መስመሮቹን ስታመሳክሩ ሦስት ነገር ይወጣል። የሚያዝያው 500 ብር ሌጀሩ ላይ የለም። የታኅሣሡ 1,850 እዚያ 1,580 ሆኗል። የካቲት ላይ ደግሞ ደብተሩ የማያውቀው የ2,000 ብር ወጪ አለ። 500፣ 270 እና 2,000 ሲደመሩ 2,770 ይመጣሉ። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪብራራ አታቁሙ። 20 ብር እንኳ ከተረፈች ያላያችሁት መስመር አለ ማለት ነው።

አሁን ሦስቱን አንድ ላይ «ጉድለት» ብላችሁ አትጻፉ። ምክንያታቸው የተለያየ ነው።

ከታኅሣሡ እንጀምር። 270 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። እዚህ 8 እና 5 ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህ የድካም ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ግን በግምት አታጽድቁት። የደረሰኝ ጥራዙን አስመጡና ካርቦን ቅጂውን እዩ። ቅጂው 1,850 ካለ፣ የዕለቱም ገቢ በ1,850 ተደምሮ ባንክ ከገባ፣ ገንዘቡ ማኅበሩ ውስጥ ነው። የተሳሳተው ሌጀሩ ብቻ ነው። ቅጂው 1,580 እያለ አባሏ እጅ ያለው ዋናው 1,850 ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካርቦን አንድ ዓይነት ነው የሚያትመው፤ ሁለቱ ከተለያዩ አንዱ ለብቻው ተጽፏል።

የሚያዝያውን 500 ብር ከመጠየቃችሁ በፊት የአባሏን ሌሎች ሒሳቦች እዩ። ወደ ዕጣ ወይም ወደ ብድር ክፍያ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ሞክሼ አባል ካለችም የእሷን ገጽ ግለጡ። በስም ብቻ የሚመዘግብ ማኅበር የአንዱን ገንዘብ ለሌላው ሲሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለዚህ ነው በአባልነት ቁጥር አመሳክሩ የምለው። የትም ካልተገኘ አባሏን ደረሰኝ ጠይቁ። «ገንዘብ ያዡ ደብተሬ ላይ ፈረመልኝ እንጂ ደረሰኝ አልሰጠኝም» ካሉ ችግሩ ከባድ ነው። በዚህ መንገድ የተቀበሉት ገንዘብ ጥራዙም ላይ፣ ሌጀሩም ላይ፣ ባንክም አይታይም። የቀረው ማስረጃ ያ ደብተር ብቻ ነው። ወዲያው ፎቶ አንሱት፤ ደብተሩን ግን ለአባሏ መልሱ። «ላስተካክለው፣ እዚህ ተዪው» ለሚል ገንዘብ ያዥ እንዳይሰጡት ንገሯቸው።

ለየካቲቱ 2,000 ብር የወጪ ማዘዣው መኖር አለበት። ፊርማውን አባሏ ሲመዘገቡ ከሞሉት ቅጽ ጋር አነጻጽሩ። እንዲህ ያለ ወጪ በብዛት የሚታየው ለረጅም ጊዜ ደብተራቸውን ይዘው በማይመጡ አባላት ሒሳብ ላይ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ፣ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ሠራተኛ። ጊዜ ካጠራችሁ ከእነዚህ ጀምሩ።

የተነካካ መስመርን ማወቅ ከጠፋ መስመር ይከብዳል። 300 የነበረውን 800 ማድረግ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀሪዎች ሁሉ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ካልኩሌተር ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ቀሪውን እንደገና አስሉ። ድንገት የማይገጥምበት መስመር ላይ ቁሙ። የደረሰኝ ቁጥሩንም ከቀኑ ጋር እዩት። ቁጥር 4420 ጥር 10 ከተቆረጠ፣ 4417 ጥር 12 ሊሆን አይችልም። በሁለት መስመር መካከል ተጣብቦ የገባ ጽሑፍ፣ ወይም የተፋቀ አሃዝ ካያችሁም ማስታወሻ ያዙ። በሒሳብ አሠራር ስህተት የሚታረመው በአንድ ሰረዝ ተሰርዞ፣ ትክክሉ ከላይ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት ነው። የቀድሞው ቁጥር መነበብ አለበት።

ይህንን በደብተሩም ላይ አድርጉት። ደብተር የነካካ አባልም አለ። ደብተሩ ለአባሉ ማስረጃ ነው፣ ግን ብቻውን ፍርድ አይደለም።

ጥፋት ያልሆነ ልዩነትም አለ። የዓመቱ ወለድ ሌጀር ላይ ገብቶ ደብተር ላይ ያልተጻፈው አባሉ ስላልመጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሁለት ሦስት ቀን የቀን ልዩነትም እንዲሁ። ነገር ግን ደብተሩ ጥቅምት 5፣ ሌጀሩ ጥቅምት 28 የሚል ከሆነ፣ በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው ከሆነ፣ ንቁ። ገንዘብ ያዡ የዛሬውን አባል ገንዘብ ለራሱ አውሎ በነገው አባል ገንዘብ እየሸፈነ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ሒሳብ ሰኔ 30 ላይ ሲታይ ሙሉ ነው። ስለዚህ ምርመራችሁን ቀኑ አስቀድሞ በሚታወቅበት ጊዜ ብቻ አታድርጉት።

ማመሳከር የማይደርስበት ቦታም አለ። ሁለተኛ የደረሰኝ ጥራዝ በድብቅ ታትሞ ከሆነ፣ ያልመጣውን አባል ደብተር ካላያችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ማኅበሩ ያሳተማቸውን ጥራዞች ከነቁጥራቸው መዝግቡ፤ አባላት ይዘው የሚመጡት ደረሰኝ ቁጥሩ ከዚያ ውጪ ሲሆን ያስታውቃል።

ያገኛችሁትን ስትጽፉ የአባልነት ቁጥር፣ ቀን፣ ደብተሩ የሚለው፣ ሌጀሩ የሚለው፣ የደረሰኝ ቁጥር በየአምዱ አስቀምጡ። «ሰረቀ» የሚል ቃል አታስገቡ። ገንዘብ ያዡን መልሱን በጽሑፍ ጠይቁት፤ መልሱን አያይዛችሁ ለጠቅላላ ጉባኤው አቅርቡ፤ አንድ ቅጂ ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ላኩ። ሌጀሩን ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ የሚያስተካክለው ሰው እንዳይነካው ከኮሚቴው ጋር ይሁን።