ዓረቦን ከፋፍዬ ልክፈል ስትል መድን ሰጪው የሚፈራውን እወቅ

«ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዘይት መጭመቂያና አንድ መጋዘን አለኝ። የመድን ውሌ ሰኔ 30 ያልቃል። ዘንድሮ ዕቃ ያስረከብኳቸው ሰዎች እስካሁን አልከፈሉኝም፣ እጄ ላይ ብር የለም። ዓረቦኑን ከፋፍዬ ልክፈል ብል ይቀበሉኛል? ደብዳቤውንስ እንዴት ልጻፈው?»

ወንድሜ፣ ሊቀበሉህ ይችላሉ። ግን «በዱቤ አድሱልኝ» ብለህ ከጻፍክ ደብዳቤህ ከቅርንጫፉ አያልፍም። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ የዱቄት ወፍጮና የእህል መጋዘን አለኝ። ውሌ የሚታደሰው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ ደግሞ ለእኛ ለእህል ሰዎች ባዶ ወር ነው። ያለፈው ዓመት በቆሎ ተሸጦ አልቋል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ብሩም ገዢ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ለሁለት ዓመት በተከታታይ አቅርቤያለሁ። አንዴ ተበላሽቶብኛል፣ አንዴ ተሳክቶልኛል።

መጀመሪያ የተበላሸውን ልንገርህ። ቅርንጫፉ ውስጥ የማውቀው ሠራተኛ ነበር። «ችግር የለም፣ ቆየት ብለህ ትከፍላለህ፣ እኛ እንይዝልሃለን» አለኝ። እኔም አመንኩት። ነሐሴ ላይ መኪናዬ ደምበጫ መግቢያ ላይ ቆሞ የነበረ መኪና ገጨ። እኔ የከፈልኩት ደግሞ አደጋው ከደረሰ ከአራት ቀን በኋላ ነበር። የካሳ ጥያቄ ሳቀርብ ፋይሉን ያየው ሰው መጀመሪያ ያነሳው የደረሰኙን ቀን ነው። በቃል የተነገረኝ ነገር ፋይሉ ውስጥ የለም። የእኔን መኪና 87 ሺህ ብር አውጥቼ ራሴ አሠራሁ። ድርጅቱን አልጠራም፤ በጽሑፍ ያልያዝኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መድን ሰጪው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገንዘብ ሳይቀበል ሽፋን መስጠት ነው። ሦስት ወር ሸፍኖህ፣ አደጋ ሳይደርስ ሲቀር «ተውኩት» ብለህ ብትሄድ የሦስት ወሩን ዓረቦን ከማን ይቀበላል? ሁለተኛውን ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም። ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ የእሳት መድን ሲጠይቅ አንደርራይተሩ፣ ማለትም የመድን ጥያቄውን መርምሮ የሚወስነው ሠራተኛ፣ ጥርጣሬ ይገባዋል። መጋዘኑ ከዕቃው ይልቅ በካሳው ቢያዋጣውስ? ይላል። ስለዚህ «ኪሳራ ላይ ነኝ፣ ተቸግሬያለሁ» የሚል ደብዳቤ ያዘነልህ ሰው እንኳ ቢያነበው ይጎዳሃል።

ከዚህ ይልቅ ብርህ የት እንዳለ አሳይ። እኔ ያያያዝኩት ሦስት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ከገዢው ጋር የተፈራረምነው የሽያጭ ውልና የርክክብ ሰነድ ነው። ሁለተኛው የስድስት ወር የባንክ ሂሳብ መግለጫ ነው። እዚያ ላይ ከታኅሣሥ ጀምሮ ገቢው እንደጨመረ ይታያል። ሦስተኛው የአምስት ዓመት የካሳ ታሪኬ ነው። ይህን ራሱ መድን ሰጪው በጥያቄህ ያወጣልሃል። አምስት ዓመት ሙሉ ያስከፈልኩት ካሳ ትንሽ ስለነበር፣ ከሌላው ወረቀት ሁሉ የበለጠ የሠራልኝ እሱ ነው።

ቀጥሎ የክፍያው አከፋፈል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በየትኛውም ቀን የከፈልከው ገንዘብ እስከዚያ ቀን ከተሸፈንክበት ጊዜ ዋጋ መብለጥ አለበት። እንዲህ ከሆነ ዱቤ የሚባል ነገር የለም። አንተ ሁልጊዜ ቀድመህ ትገኛለህ።

የእኔ ዓረቦን በዚያ ዓመት 192 ሺህ ብር ነበር። የወፍጮውና የመጋዘኑ የእሳት መድን ከሁከትና ከፖለቲካ ጥቃት ተጨማሪ ሽፋን ጋር 66 ሺህ፣ የስርቆት መድን 14 ሺህ፣ የጭነት መኪናው ሙሉ ሽፋን 112 ሺህ። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ከዚህ ውጭ ነው። እሱን በአዋጅ 799/2005 የግድ መግባት አለብህ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈውም ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ እሱን ከጥያቄው አውጥቼ ሙሉውን ከፈልኩ። አንተም መኪና ካለህ እንዲሁ አድርግ። በእሱ ላይ መደራደር ሌላውን ጥያቄህን ያበላሻል።

ብዙ ሰው 192ን ለአራት ያካፍልና በየሦስት ወሩ 48 ሺህ ብሎ ይጽፋል። ያ ለእኔ አይሆንም ነበር። የእኔ ብር የሚመጣው ከታኅሣሥ በኋላ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ዳግመኛ ይደርቃል። ስለዚህ በሦስት ከፈልኩት፦ ሐምሌ 1 ላይ 58 ሺህ፣ ጥቅምት 1 ላይ 38 ሺህ፣ በቆሎው ከተሸጠ በኋላ ጥር 1 ላይ ቀሪው 96 ሺህ። እስከ ታኅሣሥ 30 ግማሽ ዓመት ነው፣ ግማሹን ከፍያለሁ፣ ልክ ነው ብዬ አሰብኩ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን ተቀበለችና ካልኩሌተር አወጣች። ጣቷን በቀን መቁጠሪያው ላይ እያስኬደች ቆጠረች። ከዚያ ቀና አለችና «ጋሼ፣ ጳጉሜን ረስተዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለው 180 ቀን ሳይሆን 185 ቀን ነው። 192 ሺህን ለ365 አካፍለህ በ185 ስታባዛ 97,315 ብር ይመጣል። እኔ ያቀረብኩት 96 ሺህ ነው፤ 1,315 ብር ይጎድላል። ትንሽ ብር ናት። ግን በዚያች ጉድለት ምክንያት ወረቀቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ «ዱቤ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። እዚያው የጥቅምቱን 40 ሺህ፣ የጥሩን 94 ሺህ አደረግነው። ድምሩ ያው 192 ሺህ ነው፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ቀድሜ እገኛለሁ። የአንተ ውልም ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጳጉሜን ቁጠራት።

አንድ ነገር አስተውል። እኔ ያሰላሁት በቀን ቁጥር ነው። ውል ከዓመት በታች ሲሆን ግን መድን ሰጪዎች የአጭር ጊዜ ታሪፍ የሚባል አላቸው፣ የሦስት ወሩ ዋጋ ከዓመቱ ሩብ ይበልጣል። ስለዚህ «የሦስት ወር ውል ስጡኝ» አትበል። «ውሉ የዓመት ነው፣ ክፍያው በሦስት» ብለህ ጻፍ። በመሃል ብታቋርጥ ግን በአጭር ጊዜው ታሪፍ ሊያሰሉብህ ስለሚችሉ እሱንም አስቀድመህ ጠይቅ።

አሁን ለእነሱ የምትሰጠው ነገር። ክፍያው በቀኑ ካልገባ ሽፋኑ የተከፈለበት ቀን ሲያልቅ እንዲቆም ራስህ ጻፍላቸው። እኔ የሰባት ቀን ችሮታ ጠይቄ ነበር፣ እምቢ አሉኝ። ስለዚህ ለባንኬ ከቀኑ አምስት ቀን ቀድሞ ከሂሳቤ እንዲያስተላልፍ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ሰጠሁና ግልባጩን አያያዝኩ። ቼክ ቀን አስቀድመህ ጽፈህ ስጥ ቢሉህ ግን አትስጥ። ቼክ በቀረበበት ቀን የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ቢቀርብና ስንቅ ባይኖረው አንተ ወንጀል ውስጥ ትገባለህ። እዚህ ላይ አጥብቀህ ቁም።

ሌላው የካሳው ጉዳይ ነው። ረቂቁን ሲያመጡልኝ «ጉዳት ከደረሰ ያልተከፈለው ዓረቦን በሙሉ ከካሳው ይቀነሳል» ይላል። መጋዘኑ ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ይህ ተገቢ ነው፤ የዓመቱን ሽፋን ተጠቅሜበታለሁ። ግን ትንሽ ጉዳት ቢሆንስ? ጥቅምት ላይ ከከፈልኩ በኋላ የቀረብኝ 94 ሺህ ነው። ኅዳር ላይ የ70 ሺህ ጉዳት ቢደርስ አንድ ብር አይደርሰኝም፣ ያውም ብር በሌለኝ ወር። ስለዚህ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲጨምሩ ጠየቅኩ፦ «ቀኑ አልፎ ያልተከፈለ ክፍያ ከሌለ፣ ከፊል ጉዳት ሲደርስ ካሳው ያለ ቅናሽ ይከፈላል።» ተቀበሉኝ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመኪናው ፊት ተጎዳ፣ ካሳው ተከፈለኝ፣ ጥር ላይ ደግሞ 94 ሺህውን ከፈልኩ።

ዓረቦኑን ለማሳነስ ብለህ የዕቃውን ዋጋ ዝቅ አድርገህ እንዳታስመዘግብ። 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን ዕቃ 4 ሚሊዮን ብለህ ብታስገባና የ2 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ፣ የሚከፈልህ በተመጣጣኝ 1 ሚሊዮን ነው። ያን የሁከት ሽፋንም አትቀንስ። ተራው የእሳት ፖሊሲ ሁከትን አይሸፍንም፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ እኛ አካባቢ ያለዚያ ሽፋን መጋዘን ይዞ ማደር ከባድ ነው።

ወፍጮህ በባንክ ብድር ተይዞ ከሆነ ለባንኩ ቀድመህ ንገር። ሽፋኑ ከተቋረጠ ባንኩ ራሱ አድሶ ሂሳቡን በብድርህ ላይ ሊጨምርብህ ይችላል፣ ወለድ ይታሰብበታል። እኔ የክፍያ ሰሌዳውን ግልባጭ ለብድር ክፍሉ ሰጠሁ፣ አልተቃወሙም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። እኔ የጻፍኩት ዋና ክፍል ይኸው፦

«ቁጥሩ ከላይ የተገለጸው ውሌ ሐምሌ 1 ቀን ይታደሳል። ጠቅላላ ዓረቦኑ ብር 192,000 ነው። ይህን ሐምሌ 1 ቀን ብር 58,000፣ ጥቅምት 1 ቀን ብር 40,000፣ ጥር 1 ቀን ብር 94,000 አድርጌ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። በእያንዳንዱ ክፍያ እስከዚያ የተከፈለው ድምር የሚቀጥለውን የሽፋን ጊዜ ቀድሞ ይሸፍናል። ክፍያ በቀኑ ካልገባ ሽፋኑ የተከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ ያበቃል። የጥያቄዬ ምክንያት የተሸጠ እህል ክፍያ በገዢው እጅ መቆየቱ ነው፤ ማስረጃው ተያይዟል።»

ውሉ ከማለቁ ከአርባ ቀን በፊት አስገባ። ቅርንጫፉ ብቻውን አይወስንም፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልከዋል፣ ምላሹ ለእኔ ሦስት ሳምንት ወስዷል። በመዝገብ ቤት አስገብተህ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቁጥር አስመታ። ሲፈቅዱልህም «ተፈቅዷል» የሚል ስልክ አይበቃህም። ሦስቱ ቀንና ሦስቱ መጠን የተጻፈበት፣ የተፈረመና ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ውል ተቀበል። ቀኑ ከመጀመሪያው ደረሰኝህ ቀን ጋር መግጠሙን እዚያው ቆመህ አይተህ ውጣ።