ወገብና ዳሌ ሲለካ ሜትሩ የት ላይ ይዋል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 44 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1.72፣ ክብደቴ 70 ኪሎ። ሰው ቀጭን ነህ ይለኛል፤ ግን ቦርጭ አለኝ። ጂም ስመዘገብ ወገቤ 96፣ ዳሌዬ 98 ነው አሉኝ። ሲካፈል 0.98 ስለሆነ አደጋ አለው ተባልኩ። ቤት ገብቼ ራሴ ስለካ ወገቤ 87 ሆነ፣ ዳሌዬ ያው 98፤ 0.89 መጣ። የሱሪ ቁጥሬም ከ34 አልፎ አያውቅም። ባለቤቴ 40 ዓመቷ ነው፤ የሷን ስለካው ወገቧ 83፣ ዳሌዋ 104 ሆነ። የቱን ልመን? የሷስ እንዴት ነው?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ቁጥር ይተዉት። ዳሌዎ ሁለቴም 98 ነው፤ የተለያየው ወገብዎ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ወገብ በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር የሚለያየው ሜትሩ ሌላ ቦታ ሲውል ነው።

87 የሱሪዎን ቁጥር ይመስላል። 34 ኢንች ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ነውና። ስለዚህ ቤት ውስጥ የለኩት ቀበቶዎ የሚያርፍበት ላይ ሳይሆን አይቀርም። ቦርጭ ያለው ወንድ ሱሪውን የሚታጠቀው ከቦርጩ በታች ነው። ቦርጩ ወደ ፊት እየገፋ የሱሪው ቁጥር ለዓመታት እዚያው ይቆያል። በሱሪ ቁጥር ተማምነው ዘግይተው የሚመጡ ወንዶች ብዙ ናቸው። ጂም የለኩዎት ደግሞ ሆድ ይበልጥ ጎልቶ የወጣበት ቦታ ላይ፣ ምናልባትም እምብርት ላይ ይመስለኛል። እምብርት ምልክት አይሆንም። ሆድ ሲያድግ እሱም ቦታውን ይለቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘው በአጥንት እንድንመራ ነው። ሸሚዝዎን ያውልቁ፤ ቀበቶዎን ፈተው ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ። በብብትዎ ትክክል በጎንዎ ወደ ታች እየዳበሱ ይውረዱ። የመጨረሻው የጎድን አጥንት የሚያበቃበትን ያገኛሉ። እዚያ በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በዚያው ጎን የዳሌ አጥንትዎን አናት ይፈልጉ፤ እጅ ወገብ ላይ ሲደረግ የሚያርፍበት ጠንካራ ጠርዝ ነው። እዚያም ምልክት ያድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል የወገብዎ መለኪያ ነው። ሜትሩ በዚያ ያልፋል።

እግርዎን ገጥመው፣ ክብደትዎን በሁለቱም እግር እኩል አድርገው ይቁሙ። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። ብዙ ጊዜ በጀርባ በኩል ስለሚወርድ ሌላ ሰው ቢያይልዎ ጥሩ ነው። ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጫነው። ሜትሩ ሲነሳ ቆዳ ላይ መስመር ከተወ ጠብቋል ማለት ነው። ሆድዎን አይሳቡ። እንደወትሮው ተንፍሰው አየሩ ሲወጣ ያንብቡ። ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ቢለኩ ይመረጣል።

ዳሌ ላይ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሜትሩን የዳሌ አጥንት ላይ ያደርጋል። ትክክለኛው ቦታ ግን ዝቅ ይላል፤ መቀመጫ ከኋላ በጣም የሰፋበት ነው። ሜትሩን ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርገው ትልቁን ቁጥር ይውሰዱ። በስስ ልብስ ይለኩ፤ ኪስ ውስጥ ስልክም ቦርሳም አይኑር። ባለቤትዎም መቀነት ካላቸው ይፍቱት።

ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ አማካዩን ይውሰዱ። ከበለጠ ሁለቱንም ትተው እንደገና ይጀምሩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ግን ያረጀ ከሆነ ስለሚለጠጥ በብረት ሜትር ያመሳክሩት።

የእርስዎ ትክክለኛ ወገብ ከ87 እና ከ96 መሃል ይመስለኛል። እንግዲህ 93 ሆነ እንበል። 93 ለ98 ሲካፈል ወደ 0.95 ይመጣል። ለወንድ መስመሩ 0.90 ነው፤ ለሴት 0.85። ከዚያ እኩል ወይም በላይ ከሆነ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ በሽታ ዕድል በግልጽ ይጨምራል። ዳሌዎ 98 ሆኖ ከ0.90 በታች ለመሆን ወገብዎ ከ88 ብዙም መብለጥ የለበትም።

ክብደትዎ ለቁመትዎ ልክ ነው፤ ሰው ቀጭን ማለቱም ለዚህ ነው። ሚዛን ግን ስቡ የት እንዳለ አይናገርም። ቦርጭ ውስጥ ያለው ስብ ከቆዳ ሥር ያለው ብቻ አይደለም፤ በአንጀትና በጉበት ዙሪያም ይከማቻል። ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ የሚያደርገው በዋናነት እሱ ነው። በ52 አገሮች ሰዎችን ያካተተው ኢንተርኸርት የተባለ ትልቅ ጥናትም ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የተያያዘው ከክብደትና ቁመት ስሌት ይልቅ ወገብ ለዳሌ ሲካፈል የሚመጣው ይኼ ንጥጥር መሆኑን አሳይቷል።

የሴቶች መስመር ዝቅ ያለው ሴቶች በተፈጥሮ ስብን ዳሌና ጭን ላይ ስለሚያከማቹ ነው። የዳሌና የጭን ስብ እንደ ሆድ ስብ ጎጂ አይደለም። ወር አበባ ሲቋረጥ ግን ስቡ ወደ ሆድ ማዘንበል ይጀምራል።

አሁን የባለቤትዎን እንይ። 83 ለ104 ወደ 0.80 ነው። ከ0.85 በታች ስለሆነ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ወገብ ለብቻውም መስመር አለው። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን አደጋው ይጨምራል፤ ከ88 በላይ ደግሞ ይበልጥ። ለወንድ 94 እና 102 ነው። ባለቤትዎ በንጥጥሩ አልፈው በወገብ የመጀመሪያውን መስመር ተሻግረዋል። እርስዎ ደግሞ 93 ከሆኑ በወገብ ለጥቂት አልፈው በንጥጥሩ ወድቀዋል። ሁለቱን ቁጥሮች አብረን የምናየው ለዚህ ነው። እሳቸውም በተነገረው ቦታ እንደገና ይለኩ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም በቅርብ ከወለዱ ግን ልኬቱ አይሠራም።

መስመሩን መሻገር በሽታ አለ ማለት አይደለም። 0.89 ያለው ከ0.91 ካለው ብዙም አይለይም፤ አደጋው ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። እርስዎን የማዝዎት የደም ግፊት መለካት፣ በባዶ ሆድ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ነው። በተለይ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ካለ አይቆዩ። ሆድዎ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካበጠ፣ እግርዎ ካበጠ ወይም ሆድዎ እያደገ ክብደትዎ ከቀነሰ ግን ነገሩ ቦርጭ ላይሆን ይችላል። ሜትሩን ትተው ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

አመጋገብዎን አስተካክለው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ለውጡን በንጥጥሩ አይከታተሉ። ሰው ሲከሳ ዳሌውም ይቀንሳል። ወገብዎ ከ93 ወደ 89፣ ዳሌዎም ከ98 ወደ 94 ቢወርድ ንጥጥሩ ያው 0.95 ነው። ምንም እንዳልተለወጠ ይመስላል፤ ተስፋ ቆርጠው የሚተዉ ሰዎች አሉ። ግን አራት ሴንቲ ሜትር ከወገብ መውረዱ እውነተኛ ለውጥ ነው። ስለዚህ በወር አንዴ፣ በዚያው ሜትር፣ በዚያው ቦታ ወገብዎን ብቻ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉ።