በዕይታ መነጽር ለምትበይዱና ብረት ለምትቆርጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ አዳማ ውስጥ ዓይን በመመርመርና መነጽር በማዘዝ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። በርና መስኮት የምትሠሩትን፣ ጋራዥ የምትውሉትን፣ በሙያ ማሠልጠኛ ብየዳ የምትማሩትን ብዙዎቻችሁን አውቃለሁ። ከመካከላችሁ በጣም የሚያሳስበኝ የዕይታ መነጽር የሚያደርገው ልጅ ነው። ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ግራይንደር ሲያነሣ ምንም እንዳላደረገ ስለሚያውቅ ቢያንስ ፊቱን ዞር ያደርጋል። የዕይታ መነጽር ያደረገው ግን የተሸፈነ ስለሚመስለው ወደ ፍንጣሪው ጠጋ ብሎ ይሠራል። ደብዳቤዬ በዋናነት ለእሱ ነው።

አንድ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ቀኝ ዓይኑ ቀልቶና እንባ እያፈሰሰ መጣ። የግቢ በር የሚሠራ ነው። ሩቅ ማየት ስለሚቸግረው በሁለቱም ዓይኑ −3.00 የሆነ መነጽር ያደርጋል። በማጉያው ሳየው በዓይኑ ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ፣ ከብሌኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የብረት ብናኝ ተጣብቆ ነበር፤ ዙሪያውንም የዝገት ቀለበት ይዟል። ብረት ከዓይን እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ሲያድር እንዲህ ይዝጋል። ብናኙን ማንሣት ቀላል ነው፤ ዝገቱን ማጽዳት ግን ሌላ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በብሌኑ ትይዩ ቢሆን ኖሮ ጠባሳው ዕይታውን ባደበዘዘበት ነበር። «መነጽር አድርጌ ነበር እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መነጽሩ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ብናኙ የገባው በጉንጩና በመነጽሩ መካከል ባለው ክፍተት ነበር።

ክፍተቱ አንዱ ችግር ብቻ ነው። መነጽሩን ተቀብዬ የሌንሱን ውፍረት ለካሁ። ሩቅ ለማያይ ሰው የሚሠራ ሌንስ ዳሩ ወፍራም፣ መሐሉ ቀጭን ነው። እንግዲህ በጣም የሳሳው ቦታ በትክክል በብሌኑ ፊት ለፊት ይገኛል ማለት ነው። መነጽር ቤቶች ሌንሱ እንዲቀልና እንዲያምር መሐሉን ያሳሱታል፤ ለመንገድና ለመጽሐፍ ይህ ነውር የለበትም። ጠንካራ ነገር ሲመታው ግን ተራው ሌንስ፣ በተለይም የመስተዋት ከሆነ፣ ይሰበርና ስብርባሪው ወደ ውስጥ ይገባል። ሌንሱ ባይሰበር እንኳ ተራ ፍሬም የሚይዘው በስስ ጠርዝ ስለሆነ ሙሉውን ተስፈንጥሮ ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሥራ መነጽር ፍሬም ጎድጓዳ ማቀፊያ ያለው ሲሆን ሌንሱ ወደ ኋላ እንዳይገፋ የሚያግድ ከንፈርም አለው። ስለዚህ «ሌንሱን ፖሊካርቦኔት በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አስቀይሬአለሁ» ብላችሁ በተራ ፍሬም ብትሠሩ ግማሹን ብቻ ነው የሠራችሁት።

ታዲያ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለው መነጽር ጠንካራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በሻጩ ቃል አይደለም፤ በዋጋውም አይደለም። CE የሚለው ምልክት ብቻውንም ስለ ጥንካሬው መጠን አይነግራችሁም። ወደ ብርሃን አዙሩትና በሌንሱ ጥግና በጆሮ መያዣው ላይ የተቀረጹትን ትንንሽ ፊደላት ፈልጉ። በአሜሪካ ደረጃ የተሠራው Z87 የሚል ጽሑፍ አለው። ለእናንተ የሚያስፈልገው የመደመር ምልክት የተጨመረበት Z87+ ነው። ይህን ምልክት ለማግኘት መነጽሩ ከስድስት ሚሊ ሜትር ጥቂት የምትበልጥ የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ያህል ፍጥነት ተተኩሳበት መቋቋም አለበት፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ሹል ብረትም ከ127 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቅበታል። በአውሮፓው EN 166 ደረጃ የተሠራ ከሆነ ደግሞ F የሚለውን ፊደል ፈልጉ፤ እሱም በሰከንድ 45 ሜትር የምትበር ኳስ መቋቋሙን ያሳያል። S የሚለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ በሰከንድ አምስት ሜትር ያህል በምትጓዝ ኳስ የተፈተነ በመሆኑ ለግራይንደር አይበቃም። ፊደሉ በሌንሱም በፍሬሙም ላይ መኖር አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ መነጽሩ የሚቆጠረው በዝቅተኛው ነው።

አሁን ደግሞ ከመነጽሩ ሳይሆን ከመሣሪያችሁ ላይ አንድ ቁጥር አንብቡ። የግራይንደር መቁረጫ ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 80 ሜትር የሚል ተጽፏል። ይህ የዲስኩ ዳር እንዲሽከረከር የተፈቀደለት ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ዲስኩ ቢሰበር ቁራጩ ወደዚያ በተጠጋ ፍጥነት ይወነጨፋል። የትኛውም ባለ ጆሮ መነጽር በEN 166 ደረጃ ከF በላይ፣ ማለትም ከ45 ሜትር በላይ፣ አይመደብም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን በ45 እና በ80 መካከል ያለው ርቀት ከቁጥሩ የሚበልጥ ነው። ትንንሾቹን የብረት ብናኞች መነጽሩ ያስቆማቸዋል፤ ክብደት የላቸውምና። ለዲስክ ስብራት ግን B የሚል ምልክት ያለው፣ በሰከንድ 120 ሜትር የተፈተነ የፊት መከለያ በመነጽሩ ላይ መደረብ አለበት። መከለያው ብቻውን አይበቃም፤ ፍንጣሪ ከሥሩ ይገባል፤ እናንተም ለመለካት ቀና ባላችሁ ቁጥር ታነሡታላችሁ። የግራይንደሩን የዲስክ ሽፋን ፈትቶ መሥራት ደግሞ በአንዳንድ ወርክሾፖች ልማድ ሆኗል፤ እባካችሁ አታድርጉት። ምንም መነጽር የዚያን ቦታ አይተካም።

ወደ ብየዳ ስመጣ ብዙ ወጣቶች የሚፈሩት ብርሃኑን ነው። መፍራታቸው ትክክል ነው። ያልተሸፈነ ዓይን ሲቃጠል ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ አሸዋ እንደተሞላ ዓይን ይቆረቁራል። ከፋርማሲ ማደንዘዣ ጠብታ ገዝታችሁ ደጋግማችሁ አትጠቀሙ፤ ሕመሙን ቢያጠፋም ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። የፀሐይ መነጽር አድርጎ ማያያዣ ነጥብ መበየድም ዓይንን አያድንም። በተለመደው የ2.5 ወይም የ3.25 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ስትሠሩ የማስኩ መስተዋት ጥቁረት 10 ወይም 11 ቁጥር መሆን ይገባዋል፤ የፀሐይ መነጽር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ነገር ግን በብየዳ ጊዜ ብናኝ ዓይን ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ማስኩ ከተነሣ በኋላ ነው። ብየዳው ሲያልቅ ማስኩን ወደ ላይ ትገፋላችሁ፣ መዶሻውን ታነሣላችሁ፣ በብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት ትመታላችሁ። ያ ቅርፊት ትኩስና ስለታም ነው፤ ፊታችሁም ከእሱ አንድ ክንድ አይርቅም። ለዚህ ነው ነጩ የሥራ መነጽር ከማስኩ ሥር ጠዋት ተደርጎ ማታ የሚወልቀው። የዕይታ መነጽር ላለው ልጅ ጥያቄው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው፤ ከማስኩ ሥር ሁለት መነጽር ደርቦ መዋል በአዳማ ሙቀት እንዴት ይቻላል?

ከዚያ ወጣት ጋር ሁለቱንም መንገዶች ሞከርን። የመጀመሪያው በዕይታ መነጽር ላይ የሚደረብ ሰፊ የሥራ መነጽር ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ የዕይታ ቁጥሩ ቢቀየርም ያገለግላል። አድርጎት ጭንቅላቱን ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ጎን እንዲያዞር ነገርኩት፤ የውስጠኛውን መነጽር ከአፍንጫው የሚገፋው ከሆነ ትኩረቱ ይዛባል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ቀጥሎ ትንሿን ጣቴን በጉንጩና በመነጽሩ መካከል አስገባሁ። ጣት የሚያልፍበት ክፍተት ፍንጣሪንም ያሳልፋል። በሦስተኛው ሱቅ ያገኘው ልክ ሆነለት፤ ግን ከማስኩ ሥር በላብ ይደበዝዝበታል። በአውሮፓው ደረጃ N የሚል ምልክት ያለው ሌንስ መደብዘዝን ይቋቋማል፤ ካገኛችሁት ምረጡት።

ሁለተኛው መንገድ የራሱ ዕይታ ቁጥር የተሠራበት የሥራ መነጽር ነው። ማዘዣው ላይ የጻፍኩለትን እናንተም ለመነጽር ቤታችሁ ጠይቁ፤ የዕይታ ቁጥሩና በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፤ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ሆኖ በጣም በሳሳው ቦታ ከ2 ሚሊ ሜትር የማያንስ፤ ፍሬሙ Z87-2+ የሚል የተቀረጸበት፣ የጎን መከለያ ያለው። ያ «2» ፍሬሙ ለዕይታ ሌንስ መሠራቱን ያመለክታል። በሌንሱ ላይ ደግሞ ከሠሪው ምልክት አጠገብ የመደመር ምልክቷ መኖር አለባት። ይህን የሚሠራ ቤት በየመንገዱ አይገኝም፤ ጊዜና ገንዘብም ይጠይቃል። ኮንታክት ሌንስ አድርገው በላዩ ተራ የሥራ መነጽር የሚያደርጉም አሉ፤ የኮንታክት ሌንስ ራሱ ግን ከምንም አይከላከልም፤ አቧራማ ወርክሾፕ ውስጥም አልመክረውም።

ብረት በአሲድ የምታጸዱ ወይም ባትሪ ውሃ የምትሞሉ ልጆች ለብቻችሁ አንድ ነገር ላክልላችሁ። እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለሚበር ነገር እንጂ ለሚረጭ ፈሳሽ አይደለም፤ ፈሳሽ በጎንም በላይም ሾልኮ ይገባል። ፊት ላይ የሚጣበቅ፣ የአየር ቀዳዳው በቀጥታ ወደ ውስጥ የማያስገባ ጎግል ያስፈልጋችኋል፤ በአሜሪካው ደረጃ D3፣ በአውሮፓው በፍሬሙ ላይ 3 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። የዕይታ መነጽርን ከሥሩ የሚያስገባ ሰፊ ዓይነትም አለ። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ የትም ከመሮጣችሁ በፊት የዓይናችሁን ቆብ ከፍታችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ፖሊካርቦኔትን ደግሞ በቲነር ወይም በአሴቶን አትጥረጉ፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበጅበታል፤ ከዚያ በኋላ የተቀረጸበት ምልክት ዋጋ የለውም። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል፤ አቧራውን ሳታጥቡ በደረቅ ጨርቅ አትሹት።

የወጣቱ መነጽር ተሠርቶ ሲመጣ አብረን መረመርነው። ፍሬሙ ላይ Z87-2+ በግልጽ ይነበባል። በቀኙ ሌንስ ላይ የመደመር ምልክቷ አለች፤ በግራው ላይ የለችም። የግራውን ውፍረት ስለካው መሐሉ 1.4 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ሠሪው እንደ ተራ መነጽር አቅጥኖታል። መልሰን ላክነው። ትክክለኛው ሌንስ እስኪመጣ ድረስም በዕይታ መነጽሩ ላይ የሚደረበውን እያደረገ ሥራውን ቀጠለ።