አምስት ፊደላት እኩል ሲወጡ፦ የቁልፉን ርዝመት ከተደጋገሙ ቁርጥራጮች ማግኘት

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ የጻፈውን አጭር መልእክት አመስጥሮ ላከልኝና ፍታው አለኝ። የነገረኝ አንድ አጭር ቃል ደጋግሞ ቁልፍ ማድረጉን ብቻ ነው። ፊደላቱን ቆጠርኳቸው። በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው E እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን L፣ A፣ F፣ I እና X እኩል 6 ጊዜ መጡ። ከየት ልጀምር?»

```
LASFLAIZRENXGNXFBUUXLASFLAIFRXMKBFE
XMSEEJHITLFBUUXOAWYILASPVWPGYIWIGBR
```

ቆጠራዎ ትክክል ነው፤ እኔም ቆጥሬ ያንኑ አገኘሁ። ከንቱ ድካምም አልነበረም። እያንዳንዱ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ሌላ ፊደል ብቻ ተተክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ ይለወጥ እንጂ አንዱ ፊደል ከሌሎቹ ጎልቶ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ጎልቶ የወጣ አለመኖሩ ከአንድ በላይ የፊደል ገበታ ተራ በተራ መሥራቱን ያመለክታል፤ ጓደኛዎ ከነገሩዎትም ጋር ይስማማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። A 0፣ B 1 እያሉ እስከ Z 25 ድረስ ለፊደላቱ ቁጥር ይሰጣሉ። የመልእክቱ ፊደል ቁጥር ከሥሩ ከሚውለው የቁልፍ ፊደል ቁጥር ጋር ይደመራል፤ ድምሩ ከ25 ካለፈ 26 ይቀነስለታል። ቁልፉ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ያው ፊደል በየትኛው የቁልፍ ፊደል ሥር እንደዋለ መልኩ ይለያያል። ፍቺውን ከጨረስኩ በኋላ ስመለከት፣ በጓደኛዎ መልእክት ውስጥ E 11 ጊዜ አለ። እነዚያ 11 ግን 2ቱ W፣ 1ዱ X፣ 4ቱ S፣ 2ቱ R፣ 2ቱ I ሆነው ተበትነዋል። በተቃራኒው እርስዎ 6 ጊዜ የቆጠሩት X አንድ ፊደል አይደለም፤ 4 ጊዜ T፣ 1 ጊዜ E፣ 1 ጊዜ ደግሞ F ነው። ብዙው ሲበተን ጥቂቱ ሲደመር ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። በዚህ ምክንያት የጠቅላላውን ጽሑፍ ፊደላት ደጋግሞ መቁጠር የትም አያደርስም።

የሚያደርሰው የቁልፉ መደጋገም ነው። አንድ ቃል በመልእክቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢመጣና ሁለቱም ጊዜ በቁልፉ ያው ፊደል ላይ ቢጀምር፣ ሲመሰጠርም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ይህ እንዲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቁልፉ ሳይጎድል ሙሉ በሙሉ ደጋግሞ የሚገባበት መሆን አለበት። ካልሆነ መደጋገሙ ይሰወራል፤ በመልእክቱ ውስጥ GH የሚለው ጥንድ አንድ ቦታ UU፣ ሌላ ቦታ TL ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው። ይህን መንገድ በ1863 በመጽሐፍ አሳትሞ ያስታወቀው የፕሩሲያ መኮንን የነበረው ፍሬድሪክ ካሲስኪ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ቀደም ብሎ ደርሶበት ነበር፤ ሥራውን ግን አላሳተመውም።

እንግዲህ ከእርስዎ ጽሑፍ ላይ እንፈልግ። ፊደላቱን ከ1 እስከ 70 ቁጥር ስጧቸው። LASFLAI በ1ኛውና በ21ኛው ቦታ ይጀምራል፤ ርቀቱ 20 ነው። FBUUX በ16ኛውና በ46ኛው ይጀምራል፤ ርቀቱ 30። እዚህ ላይ ቢያቆሙ የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 10 ስለሆነ ቁልፉ 10 ፊደል አለው ብለው ሊደመድሙ ይችላሉ። አይቸኩሉ። LAS ብቻውን በ56ኛው ቦታ እንደገና ይታያል፤ ከ21ኛው 35፣ ከ1ኛው 55 ይርቃል። 10 ሁለቱንም አያካፍልም፤ አራቱንም ርቀቶች የሚያካፍለው 5 ነው። የጋራ አካፋይ የሚሰጠው የቁልፉን ርዝመት ወይም የርዝመቱን ብዜት ስለሆነ፣ በሁለት ርቀቶች ብቻ መወሰን ብዙ ሰው ያሳስታል።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። XM በ30ኛውና በ36ኛው ቦታ ይገኛል፤ ርቀቱ 6 ነው። ይህን ከቆጠሩት ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ልተወው የምለው ስላልተመቸኝ አይደለም። ፊደላቱ እንዲሁ በዘፈቀደ ቢደረደሩ እንኳ 70 ፊደል ባለው ጽሑፍ ውስጥ ባለ ሁለት ፊደል ድግግሞሽ 3 ወይም 4 ጊዜ በአጋጣሚ ይጠበቃል። ባለ ሦስት ፊደል ግን ከስምንት እንዲህ ካሉ ጽሑፎች በአንዱ ያህል ብቻ ነው፤ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ፊደል ድግግሞሽ በአጋጣሚ መጣ ማለት የማይታመን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከረጅሞቹ ይጀምሩ፤ ጥንዶቹን ለማጣራት ብቻ ይጠቀሙባቸው።

አሁን ጽሑፉን በአምስት አምስት ፊደል ይክፈሉት። የየቡድኑ የመጀመሪያ ፊደላት ሁሉ በአንድ ገበታ የተመሰጠሩ ናቸው፤ ሁለተኛዎቹም እንዲሁ። ጽሑፉ ረጅም ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዱን ዓምድ ፊደላት ለብቻ ቆጥረው E እና Tን መፈለግ ይበቃ ነበር። በዚህ ግን አንድ ዓምድ 14 ፊደል ብቻ ስላለው ቆጠራው ያሳስታል። በአምስተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ የመጣው X ነው፤ እሱ ደግሞ E ሳይሆን T ነው። ስለዚህ በግምት እንግባ። LAS ሦስት ጊዜ ቡድን ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚደጋገም ባለ ሦስት ፊደል ቃል በመጀመሪያ THE ነው። L ሲቀነስ T፣ A ሲቀነስ H፣ S ሲቀነስ E ብለው ቢያሰሉ፣ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሲሆን 26 እየጨመሩ፣ 18፣ 19፣ 14 ያገኛሉ፤ S፣ T፣ O ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ፊደላት በሁሉም ቡድኖች ላይ ሲያስኬዷቸው ይህ ይወጣል፦

```
THE-- IPL-- VES-- NIG-- THE-- IPR-- URN--
FTE-- ROU-- NIG-- WHI-- THE-- EWS-- EPS--
```

ግምቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ነው። የተሳሳተ ግምት ቢሆን ኖሮ በሌሎቹ ቡድኖች ላይ የማይነበብ ዝብርቅ ይሰጥ ነበር እንጂ VES፣ NIG፣ ROU ባላወጣ። NIG የሚለውን NIGHT ብለው ቢሞሉት፣ U ሲቀነስ H 13፣ X ሲቀነስ T 4 ይሰጣል፤ N እና E። ቁልፉ STONE ነው። መልእክቱ «መርከቧ በሌሊት ትሄዳለች፤ ከአንድ አስቸጋሪ ሌሊት በኋላ መርከበኞቹ እንደተኙ ትመለሳለች» የሚል ነው።

ጓደኛዎ ሌላ ቢልኩልዎትና ርቀቶቹ አልስማማ ቢሉ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቁልፉ ርዝመት ሳይሆን አገለባበጡ ነው። አንድ ፊደል ከተዘለለ ከዚያ በፊት ያሉት ድግግሞሾች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትም እንዲሁ፤ ስህተቱን የሚሻገሩት ርቀቶች ግን ሁሉም በአንድ ያንሳሉ። በቃላት መካከል ባለው ባዶ ቦታም ቁልፉን አንድ ፊደል የሚያራምዱ ሰዎች አሉ፤ ያኔ ባዶ ቦታዎቹንም አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል። ድግግሞሽ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ጽሑፉ ከቁልፉ አንጻር በጣም አጭር ይሆናል፤ ወይም ቁልፉ የመልእክቱን ያህል ረዝሞ ፈጽሞ አልተደገመም። በዘፈቀደ የተመረጠ፣ የመልእክቱን ያህል ረጅምና አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የዋለ ቁልፍ ከሆነ፣ በዚህም ሆነ በሌላ ስሌት አይፈታም።